STDEV.S ወይስ STDEV.P? ለላብራቶሪ ውጤት ሰንጠረዥ ትክክለኛውን ፎርሙላ መምረጥ

ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከወልዲያም የኤክሴል ፋይል የሚልኩልኝ የላብራቶሪ ልጆች አሉ። ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ካልኩሌተሩ ሌላ፣ ኤክሴሉ ሌላ ቁጥር ይሰጠኛል። የትኛውን ልመን?» ፋይሉን ስከፍተው ወይ ፎርሙላው የተሳሳተ ነው፣ ወይ ፎርሙላው ልክ ሆኖ ከስሩ ያለው ቁጥር ተበላሽቷል። ሁለቱንም እዚህ ደረጃ በደረጃ እናስተካክላለን።

የምንሰራው በአንድ ምሳሌ ነው። የደም ስኳር የምንለካበት ማሽን አለን። ማሽኑን የምንፈትሽበት የኮንትሮል ፈሳሽ አለን። ኮንትሮሉን ለ20 ቀን በቀን አንድ ጊዜ ለክተናል። አሁን አማካዩን እና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን (ከዚህ በኋላ ኤስዲ እላለሁ) አውጥተን የቻርቱን ገደብ እንሰራለን።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጋችሁ

- የ20 ቀን የኮንትሮል ውጤት፣ ከመዝገቡ ላይ የተገለበጠ። ከጭንቅላት አይሆንም።
- ሁሉም ውጤት ከአንድ ሎት ቁጥር የመጣ መሆኑ። ሎት ተቀይሮ ከሆነ አዲሱን ለብቻው ያዙት።
- ኤክሴል፣ ወይም ሊብሬ ኦፊስ፣ ወይም ጉግል ሺትስ። ፎርሙላዎቹ በሦስቱም ይሰራሉ።
- ኮንትሮሉ በየቀኑ በታካሚ ናሙና አሰራር የተለካ መሆኑ።

## ደረጃ 1፦ «ናሙና» የሚለውን ቃል ለዩ

አብዛኛው ስህተት እዚህ ይጀምራል። በእኛ ስራ ናሙና ማለት በቱቦ የመጣው ደም ወይም ሽንት ነው። በስታቲስቲክስ ግን ናሙና ማለት ከትልቅ ስብስብ የተወሰደ ጥቂት ነው። ሁለቱ አይገናኙም።

ስለዚህ አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ ይከራከረኛል። «ጋሼ፣ የመጣውን ናሙና በሙሉ ለክቻለሁ። የቀረ የለም። ስለዚህ ሙሉ ስብስብ ነው፣ STDEV.P ነው የምጠቀመው።» ልኬቱን አሟልቷል፣ ልክ ነው። ግን የለካው ሁሉ በስታቲስቲክስ ዓይን ገና ናሙና ነው።

ጥያቄው «ያለኝን ሁሉ ለክቻለሁ ወይ?» አይደለም። ራሳችሁን የምትጠይቁት ይህን ነው፦

ከዚህ ዝርዝር ውጭ ስላለ ነገር ልናገርበት ነው?

መልሱ አዎ ከሆነ `STDEV.S` ተጠቀሙ። የኮንትሮል ገደብ የምንሰራው ስላለፉት 20 ቀናት ለማውራት አይደለም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ በሚቀጥለው ወር የሚመጣውን ውጤት ልንዳኝበት ነው። 20ዎቹ ማሽኑ ሊሰጥ ከሚችለው ስፍር ቁጥር ከሌለው ውጤት የተወሰዱ ናቸው። ስለዚህ ናሙና ናቸው።

መልሱ አይደለም ከሆነ `STDEV.P` ትክክል ነው። ለምሳሌ ባለፈው ሳምንት የወጡትን ውጤቶች ሁሉ ይዛችሁ፣ እያንዳንዱ ስንት ደቂቃ እንደቆየ የዚያን ሳምንት ብቻ ሪፖርት የምታደርጉ ከሆነ፣ ከዝርዝሩ ውጭ ስለሌላ ሳምንት አትናገሩም። ዝርዝሩ ራሱ ሙሉው ነው። በላብራቶሪ ስራ ግን ይህ አይነቱ ነገር ጥቂት ነው። ከተጠራጠራችሁ `STDEV.S` ያዙ።

## ደረጃ 2፦ ልዩነቱን በ5 ቁጥር በእጃችሁ ስሩት

ይህን አትዝለሉት። አንዴ በወረቀት የሰራው ሰው ዳግም አይምታታበትም። ቁጥሮቹንም በኋላ ለሌላ ነገር እንፈልጋቸዋለን።

አምስት ውጤት ውሰዱ፣ ሚሊግራም በዴሲሊትር፦ 98፣ 102፣ 95፣ 101፣ 104።

1. ደምሩ። 500 ነው። ለ5 አካፍሉ። አማካዩ 100 ነው።
2. ከእያንዳንዱ ላይ 100 ቀንሱ። −2፣ 2፣ −5፣ 1፣ 4 ታገኛላችሁ።
3. እነዚህን ደምሩ። 0 ካልመጣ አማካዩን ተሳስታችኋል፣ ወደ 1 ተመለሱ።
4. እያንዳንዱን በራሱ አባዙ። 4፣ 4፣ 25፣ 1፣ 16። ድምሩ 50 ነው።
5. እዚህ ነው መንገዱ የሚለያየው። 50ን ለ5 ካካፈላችሁ 10 ነው፣ ስኩዌር ሩቱ 3.16። ይህ የ`STDEV.P` ነው። 50ን ለ4 ካካፈላችሁ 12.5 ነው፣ ስኩዌር ሩቱ 3.54። ይህ የ`STDEV.S` ነው።

ለምን 4? ሦስተኛውን እርምጃ ተመልከቱ። ልዩነቶቹ ሁልጊዜ ተደምረው 0 ይሆናሉ። ስለዚህ −2፣ 2፣ −5፣ 1 ካወቃችሁ አምስተኛውን ሳታዩት 4 መሆኑን ትናገራላችሁ። በነጻነት የቆሙት አራት ብቻ ናቸው። ይህ የሆነው ትክክለኛውን አማካይ ስለማናውቅና ከእነዚሁ ቁጥሮች ስላወጣነው ነው። ከራሳቸው የወጣ አማካይ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ እነሱ ይጠጋል፤ መበታተኑ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። በአንድ ያነሰ ቁጥር ማካፈል ያንን ያቃናል።

ይህ በስራ ላይ ምን ያመጣል? ድሮ ከሌላ ሰው የወረስኩት ሰንጠረዥ ነበር። ገደቡ ከ5 ቀን ውጤት የተሰራ ነው፣ ፎርሙላው ደግሞ `STDEVP`። የነበሩት ቁጥሮች ልክ እነዚህ አልነበሩም፣ ግን ነገሩ በእነዚህ ይታያል። በ3.16 ሲሰራ፣ አማካይ ሲደመር ሁለት ኤስዲ 106.3 ይሆናል። በ3.54 ሲሰራ 107.1 ነው። አንድ ጠዋት ኮንትሮሉ 107 ቢሰጥ በመጀመሪያው ገደብ ውጭ ነው፣ በሁለተኛው ውስጥ ነው። እኛ በዚያ የጠበበ ገደብ እየሰራን ደጋግመን አዲስ ኮንትሮል ከፈትን፣ ሬጀንት ቀየርን፣ ማሽን አጠብን። ታካሚዎች በባዶ ሆዳቸው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። ማሽኑ ምንም አልሆነም ነበር።

## ደረጃ 3፦ ሰንጠረዡን አዘጋጁ

አዲስ ሺት ክፈቱ። በA አምድ ቀን፣ በB ውጤት፣ በC ማስታወሻ አድርጉ። የመጀመሪያው ረድፍ ርዕስ ነው። ውጤቱ ከB2 እስከ B21 ይሆናል።

የምሳሌያችን 20 ውጤቶች እነዚህ ናቸው፣ በቅደም ተከተል አስገቧቸው፦

98፣ 103፣ 95፣ 101፣ 104፣ 99፣ 105፣ 97፣ 102፣ 101፣ 96፣ 105፣ 99፣ 98፣ 103፣ 95፣ 101፣ 97፣ 102፣ 99

ስታስገቡ የሚከተሉትን ጠብቁ።

ቀኑን 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ጻፉ። የእኛን ቀን አቆጣጠር በቀጥታ ከጻፋችሁ ኤክሴል እንደ ፈረንጅ ቀን ነው የሚያነበው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ስትጽፉ ለእሱ ሁለተኛው ወር 30 ቀን የለውም። ስለዚህ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሌሎቹን ደግሞ ቀን ያደርጋቸዋል። በኋላ በቀን ቅደም ተከተል ስታስተካክሉ ረድፉ ይተረማመሳል። ሙሉውን ቀን ማስቀመጥ ካስፈለጋችሁ በC አምድ በቃላት ጻፉት፣ «ጥቅምት 30» ብላችሁ።

በውጤቱ ሴል ውስጥ ከቁጥር በቀር ምንም አትጻፉ። መለኪያው (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ርዕሱ ላይ ይጻፍ። አስተያየት ካላችሁ C አለላችሁ።

ያልተለካበትን ቀን ባዶ ተዉት። መብራት ጠፍቶ ያልሰራችሁበት ቀን ይኖራል። 0 አትጻፉ። ባዶ ሴልን ፎርሙላው ያልፈዋል፤ 0ን ግን እንደ ውጤት ይቆጥረዋል። ከዚያ 20 እስኪሞላ አንድ ቀን ጨምሩ፤ ከታች ያሉት ፎርሙላዎችም በB21 ፈንታ እስከ B22 ይድረሱ።

ማጠቃለያውን ከውጤቶቹ ስር አታድርጉ። በE አምድ ስም፣ በF አምድ ፎርሙላ አድርጉ። ከስር ያለ አማካይ አንድ ቀን ሳይታወቅ ወደ ውስጥ ይገባና ራሱ እንደ ውጤት ይቆጠራል።

## ደረጃ 4፦ ከኤስዲ በፊት ቁጠሩ

ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ በጣም የሚጎዳውም እሱ ነው። F1 እና F2 ላይ እነዚህን ጻፉ፦

```
=COUNT(B2:B21)
=COUNTA(B2:B21)
```

የመጀመሪያው ቁጥር የሆኑትን ብቻ ይቆጥራል። ሁለተኛው ባዶ ያልሆነውን ሁሉ ይቆጥራል። ሁለቱም 20 ካሉ ቀጥሉ። አንዱ 19፣ ሌላው 20 ካለ ቁሙ። አንድ ሴል ለዓይን ቁጥር መስሎ ለኤክሴል ጽሑፍ ሆኗል።

ይህ ምን ያህል ይጎዳል? የሦስተኛው ቀን 95 ጽሑፍ ሆኖ ቀርቷል እንበል። `STDEV.S` ምንም ሳይናገር ያልፈዋል፣ በ19 ቁጥር ይሰራል። የ20ው ትክክለኛ ኤስዲ 3.16 ነበር፣ ከደረጃ 2 ቁጥር ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው፤ አሁን 3.02 ይሰጣችኋል። በ20ው ላይ ፎርሙላውን ተሳስታችሁ `STDEV.P` ብትሉ ኖሮ 3.08 ነበር የሚመጣው። ማለትም የጠፋው አንድ ሴል ከተሳሳተው ፎርሙላ የበለጠ ጎድቷችኋል። ፎርሙላው ደግሞ ምንም የስህተት ምልክት አያሳይም።

ጽሑፍ የሆነውን ሴል ለማግኘት አምዱን ተመልከቱ። ቁጥር ሳትነኩት ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። አምዱ በሙሉ መሃል ላይ ከተደረገ ግን አይታይም፤ መጀመሪያ አሰላለፉን አንሱ። ሴሉን ስታገኙት ፎርማቱን ወደ ቁጥር ቀይሩ፣ ሰርዙት፣ እንደገና ጻፉት። ፎርማቱን መቀየር ብቻ አይበቃም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከቁጥሩ ኋላ ያለ ባዶ ቦታ ነው፣ ወይም በ0 ፈንታ የተጻፈ O ፊደል ነው። ፎርሙላ ከመፈለግ እንደገና መጻፉ ይፈጥናል።

## ደረጃ 5፦ ፎርሙላውን አስገቡ

F3 አማካይ፣ F4 ኤስዲ ነው፦

```
=AVERAGE(B2:B21)
=STDEV.S(B2:B21)
```

100 እና 3.16 ማየት አለባችሁ። የሴሉን ማሳያ ከነጥብ በኋላ ወደ ሁለት አሃዝ ማሳጠር ትችላላችሁ፣ ግን `ROUND` አታድርጉበት። 3.16 ብላችሁ በእጅ እንደገና አትጻፉትም። ማጠጋጋት የመጨረሻው ገደብ ላይ ብቻ ነው።

የስሞቹ ነገር ሰው ያምታታል፣ ስለዚህ በግልጽ ልበለው። ነጥብ ያላቸው ስሞች ከኤክሴል 2010 ጀምሮ የመጡ ናቸው። የድሮው `STDEV` ከ`STDEV.S` ጋር አንድ ነው። የድሮው `STDEVP` ከ`STDEV.P` ጋር አንድ ነው። የድሮዎቹ ዛሬም ይሰራሉ።

`STDEVA` የሚባል ሌላ አለ። ስትጽፉ ከዝርዝሩ ውስጥ ይመጣል፣ ሰውም ሳያየው ይመርጠዋል። እሱ ጽሑፍን አያልፍም፤ እንደ 0 ይቆጥረዋል። ያው የሦስተኛው ቀን 95 ጽሑፍ ሆኖ `STDEVA` ብትጠቀሙ ኤስዲው 22.6 ይሆናል። ለላብራቶሪ ውጤት አትንኩት።

## ደረጃ 6፦ ገደቡን ስሩ

F5 ታችኛው፣ F6 ላይኛው የሁለት ኤስዲ ገደብ፦

```
=F3-2*F4
=F3+2*F4
```

93.7 እና 106.3 ይመጣል። በ2 ፈንታ 3 ካደረጋችሁ የሦስት ኤስዲ ገደብ 90.5 እና 109.5 ይሆናል። እነዚህን በሌቪ-ጄኒንግስ ቻርታችሁ ላይ መስመር አድርጉ።

ከ20ው ውስጥ አንዱ ከሁለት ኤስዲ ቢወጣ አትደናገጡ፣ አትሰርዙትም። ማሽኑ ጤነኛ ሆኖም ከ20 ውጤት አንድ ገደማ ከዚያ ይወጣል። «የወጣውን» እየሰረዛችሁ ኤስዲውን እንደገና ካሰላችሁ ገደቡ በየጊዜው ይጠብባል። የምትሰርዙት ምክንያቱን ስታውቁ ብቻ ነው። የሌላ ደረጃ ኮንትሮል ተደርጎ ከሆነ፣ አየር ተስቦ ከሆነ። ምክንያቱንም C ላይ ጻፉት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ፎርሙላ የማያድነው። ስራ ስለበዛ አንዱን ቪያል በአንድ ከሰዓት 20 ጊዜ ለክቶ «20 ሞላሁ» የሚል አለ። ቁጥሩ ያምራል፣ ኤስዲው ትንሽ ነው። ግን የሰኞን ብርድ፣ የአርብን ሙቀት፣ የተቀየረውን ሬጀንት፣ የሌላውን ባለሙያ እጅ አላየም። በዚያ የተሰራ ገደብ በሚቀጥለው ሳምንት በየቀኑ ይጮህባችኋል። `STDEV.S` የሚያቃናው የአማካዩን ነገር ብቻ ነው፤ ያልተለካ ቀንን አያመጣም። 20 ቀን 20 ቀን ነው።

## ሳይሆን ሲቀር

`#NAME?` ካለ። ኤክሴላችሁ የድሮ ነው ወይም ስሙን ተሳስታችሁ ጽፋችኋል። `STDEV` ብላችሁ ሞክሩ፣ ያው ነው።

`#DIV/0!` ካለ። ፎርሙላው ከሁለት ያነሰ ቁጥር ነው ያገኘው። ምናልባት አምዱ በሙሉ ጽሑፍ ሆኗል። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። እዚህ ላይ `STDEV.P` ይበልጥ አደገኛ ነው፤ አንድ ቁጥር ብቻ ቢያገኝ 0 ብሎ ይመልሳል፣ ሰውም «ድንቅ ነው» ብሎ ያልፋል።

ኤስዲው በሺህ የሚቆጠር ከሆነ። A አምድ ላይ በ1፣ 2፣ 3 ፈንታ ሙሉ ቀን ጽፋችሁ እሱንም አብራችሁ መርጣችኋል። ለኤክሴል ቀን ማለት ከ40 ሺህ በላይ የሆነ ቁጥር ነው። ፎርሙላው A2 ላይ ሳይሆን B2 ላይ መጀመሩን እዩ።

ኤስዲው 20 ምናምን ከሆነ። 0 የተጻፈበት ቀን አለ፣ ወይም `STDEVA` ነው።

ካልኩሌተሩና ኤክሴሉ ካልተስማሙ። ደረጃ 2 ላይ የሰራናቸውን አምስት ቁጥሮች አስገቡ። 98፣ 102፣ 95፣ 101፣ 104። 3.54 ካለ የናሙናው ነው። 3.16 ካለ የሙሉው ነው። በድሮዎቹ ካሲዮዎች የምትፈልጉት `xσn-1` የሚለው ነው፣ በአዲሶቹ `sx`። ይህ ፈተና ለማንኛውም ነገር ይሰራል። ማሽኑ ራሱ ኤስዲ አውጥቶ የሚያትም ከሆነ፣ ከታተሙት ውጤቶች አምስቱን ወስዳችሁ በሁለቱም መንገድ ስሩና የትኛውን እንደሚጠቀም እወቁ። በፓይተን የሚሰሩ ልጆች ደግሞ ይጠንቀቁ፤ የ`numpy` `std` ካልነገሩት በስተቀር የሙሉውን ነው የሚሰጠው።

## የተሳሳተ የድሮ ፋይል ካገኛችሁ

በመጀመሪያ ሴሉን ነክታችሁ ከላይ ያለውን የፎርሙላ መስመር አንብቡ። `STDEVP` ወይም `STDEV.P` ካለ ቀይሩት። ውጤቶቹ ካሉ ይህ ይበቃል።

ውጤቶቹ ጠፍተው ኤስዲው ብቻ ከቀረ ግን፣ በስንት ቁጥር እንደተሰራ ካወቃችሁ ማስተካከል ይቻላል። ለ20 ቁጥር፦

```
=3.082*SQRT(20/19)
```

3.16 ይመልሳል። ለ5 ቁጥር ከሆነ በ`SQRT(5/4)` አባዙ። በስንት እንደተሰራ ካላወቃችሁ አትገምቱ፣ አዲስ 20 ቀን ጀምሩ።

የሁለት ወር ኤስዲ አንድ ላይ ለማድረግ ደግሞ ሁለቱን ደምራችሁ ለሁለት አታካፍሉ። ሎቱ አንድ ከሆነ የሁለቱን ወር ውጤቶች በአንድ አምድ አስገቡና `STDEV.S` እንደገና ያስላው። ሎቱ ከተለያየ አትቀላቅሏቸው፤ ሁለት አማካይ በአንድ አምድ ሲገባ ኤስዲው ያብጥና የተበላሸ ማሽን ሳይቀር «ውስጥ ነው» ይባላል።

ስትጨርሱ E አምድ ላይ፣ ከኤስዲው ጎን፣ ይህን ጻፉ፦ «የናሙና ኤስዲ፣ 20 ቀን፣ ሎት ቁጥር» ብላችሁ ቁጥሩን ጨምሩ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ፋይሉን ሲከፍት በየትኛው እንደተሰራ ለማወቅ ስልክ መደወል አይኖርበትም።